ኳሷ መንገድ ሳትደርስ አትቆምም ነበር

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጻፍ ነው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ ቪዥዋላይዘር ነኝ። ገና ያልተሠራን ቤት እንደተሠራ አድርጌ በምስል አሳያለሁ። አርክቴክቱ ፕላኑን ያወጣል፣ ኢንጂነሩ ብረቱንና ኮንክሪቱን ያሰላል፤ እኔ ደግሞ ፕላን ማንበብ ለማይችል ሰው «ቤትህ ይህን ይመስላል» እለዋለሁ። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ልቡ የሚቆርጠውና ገንዘብ መላክ የሚጀምረው ፕላኑን አይቶ ሳይሆን ምስሉን አይቶ ነው። ስለዚህ ምስሉ ከዋሸ ዋሽቶ የሚቀረው ስልክ ላይ አይደለም፤ ሲሚንቶ ሆኖ ይቆማል።

አሁን የማወራችሁ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ቨርጂኒያ ከሚኖር የደሴ ቤተሰብ የመጣ ነው። ሁለት እህትማማቾችና አንድ ወንድም ናቸው፣ እናታቸው ደሴ ናቸው። ደብዳቤውን እንድጽፍበት ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን ትቼዋለሁ።

አብዛኛው ደንበኛ ከፒንተረስት ያወረደውን አሥር ፎቶ ይልክና «እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። እነዚህ ግን አራት ገጽ በእጅ ጽፈው፣ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ከፕላኑና ከካርታው ኮፒ ጋር። የጻፈችው ታላቋ እህት ናት። የተወሰነውን ላስነብባችሁ፦

«ውድ ወንድማችን፣ እንደምን ከርመሃል። ያደግንበት ቤት አርጅቷል፤ እሱን አፍርሰን በዚያው ግቢ ለእማዬ ጂ+1 ልንሠራላት ነው። ለሃያ ዓመት ስናስበው የኖርነው ነገር ነው። ፕላኑ አልቋል፣ አያይዘነዋል። ምስሉን የምንፈልገው ከላይ ሆኖ ማታ መብራት በርቶ የሚታየውን ነው፤ ለእማዬ አስጠርዘን እንልክላታለን።

«ሳሎኑ ሰፊ ይሁን፤ ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ ሰው የሚይዝ። ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት ሆኖ ቡና እየጠጣን ጦሳን ማየት እንፈልጋለን። ትልቅ ደረጃ ወጥተን ወደ በሩ እንድንገባ፣ ግርማ ሞገስ እንዲኖረው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት መኝታዋ ምድር ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት መደቧ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች፤ ለእሷ ጥሩ ሶፋ አስበንላታል።

«ግቢያችንን ብታየው ትወደው ነበር። እማዬ ጓሮ ጎመን ስትቆርጥ ከበር ሆነን ብንጣራ አትሰማንም። ልጆች ሆነን ኳሳችን ከጓሮ ካመለጠች መንገድ ሳትደርስ አትቆምም ነበር፤ ስንቱን ኳስ መኪና ፈነዳብን መሰለህ።»

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የደንበኛን ጽሑፍ በሦስት ቀለም አስምሩበት እላችሁ ነበር። በአንዱ ቀለም ቁጥር ያለውን፣ በሁለተኛው መልክ የሚናገረውን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰው የሚያደርገውን። ሁሉም ወደ ሁለተኛው ይሮጣል፣ መስታወቱ፣ ግርማ ሞገሱ፣ መብራቱ። ቤቱን የሚወስነው ግን ሦስተኛው ነው። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን በየት ይገባል፣ ምን ከየት ይንከባለላል።

ያቺ ኳስ አስቆመችኝ።

ፕላኑን መልሼ አየሁት። ቦታው 280 ካሬ ነው፤ በመንገዱ በኩል 14 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር። ፕላኑ ላይ መሬቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ጠረጴዛ በሉት። ከመሬቱ 45 ሴንቲ ከፍ ብሎ የቤቱ ወለል፣ ከፊቱ ሦስት ደረጃ። ያወጣው ሰው ቦታውን ሄዶ እንዳላየው ግልጽ ነው። ካርታም ቢሆን የቦታውን ስፋትና ወሰን እንጂ ዳገትነቱን አይናገርም። ደሴን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ሲያይ ይስቃል። ደሴ ውስጥ ጠረጴዛ የሆነ ግቢ ስንት አለ?

ለታላቋ እህት ድምፅ ላክሁላት። «እህቴ፣ ኳሷ ከየት ወደ የት ነበር የምትሄደው?» አልኋት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ «ከጓሮ ወደ በር ነዋ፣ ቁልቁል» አለችኝ።

ደሴ ያለ የእህቷ ልጅ አለ። ከአንድ ግንበኛ ጋር ሆኖ ግቢውን እንዲለካልኝ ጠየቅሁ። ሰርቬየር መሣሪያውን ይዞ ቢመጣ ይመረጣል፣ ለግንባታውም የግድ ነው። ለመጀመሪያ ግምት ግን ግንበኞቻችን የሚጠቀሙባት ውሃ የተሞላች ግልጽ ጎማ ትበቃለች። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። አንዱን ጫፍ በሩ ላይ፣ ሌላውን ጓሮ ትይዛላችሁ፤ ውሃው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደቆመ በሁለቱም በኩል ትለካላችሁ፤ ልዩነቱ ዳገቱ ነው። ጎማው ውስጥ አየር እንዳይቀር ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል። ዳገቱ ስለበዛ በአንድ ጊዜ አልተለካም፤ በየአምስት ሜትሩ እያቆሙ ደመሩት።

ውጤቱ፦ ከበሩ እስከ ጓሮው ጫፍ መሬቱ 3 ሜትር ከ60 ይወጣል። አንድ ፎቅ ያህል ማለት ነው።

አሁን ያንን በፕላኑ ላይ ተርጉሙት። ቤቱ ከመንገድ 6 ሜትር ገባ ብሎ ይጀምርና 16 ሜትር ላይ ያልቃል። ግንበኛው ቦታው ላይ ሲደርስ «45 ሴንቲ ከመሬት ከፍ» የሚለውን ያነባል። ከየትኛው መሬት? ከፊቱ ካለው ከተነሣ ኋላው ይቀበራል፣ ከኋላው ከተነሣ ፊቱ ይሰቀላል። ያው መሐሉን ይይዛል፣ ቁፋሮውም ሙሌቱም እኩል እንዲሆንለት። በመሐሉ ላይ መሬቱ ከመንገድ ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሏል። 45 ሴንቲ ጨምሩበት፤ ወለሉ ከበሩ 2 ሜትር ከ40 በላይ ሆነ። አንዱ ደረጃ 16 ሴንቲ ቢሆን 15 ደረጃ ነው።

«ምድር ቤት» የተባለው የእናትየው መኝታ 15 ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው።

የሚገርመው ደግሞ የሚያፈርሱት አሮጌ ቤት ዝቅ ብሎ ከፊት ነው ያለው፤ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። አባታቸው ሲሠሩት ፕላን አልነበራቸውም፣ ግን ቦታውን በእግራቸው ያውቁት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሥራ አስቸጋሪ የሚሆነው። የታዘዝኩት ምስል ከላይ ሆኖ፣ ማታ፣ መብራት በርቶ ነው። ከላይ ስታዩት ዳገት ይጠፋል። ካሜራው ከፍ ባለ ቁጥር ደረጃው እየተጣጠፈ መሬት ላይ እንደተዘረጋ ምንጣፍ ይሆናል። ማታ ደግሞ ጥላ ስለሌለ ከፍታው አይነበብም። ቆንጆ ምስል ይወጣል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል፤ ገንዘቡም ይላካል።

የታዘዝኩትን ሠራሁት፤ ሥራዬ ነውና። ከእሱ ጋር ግን ያልታዘዝኩትን ሌላ ምስል ጨመርኩ። ካሜራውን በሩ ላይ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ45 ከፍታ ላይ አቆምኩት። የእናትየው ዓይን የሚደርስበት ነው፤ ቁመታቸውን ልጅቷን ጠይቄ ነው። ሰዓቱን ቀን አደረግሁት። ከዚያ ሆነው ወደ ቤታቸው ሲያዩ የሚታያቸው በር አይደለም፣ ደረጃ ነው። አሥራ አምስቱም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የቤቱ በር ከላይ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው።

ስለ ጦሳም ላውራ። ለእኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ከመስታወቱ ውጭ ባዶ ሰማይ አለ፤ የተራራ ፎቶ ትወስዳለህ፣ ትለጥፋለህ፣ ትንሽ ጭጋግ ትጨምራለህ፣ አለቀ። ግን ጦሳ ያለው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው። ግቢው ደግሞ በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ ጓሮው ሲሄዱ ወደ ጦሳ አቅጣጫ እየወጡ ነው። ስለዚህ ከሳሎኑ የፊት መስታወት የሚታየው ጦሳ ሳይሆን የታች ቤቶች ቆርቆሮና ከተማው ነው። ጦሳ ከኋላ ነው፤ ምድር ቤት ላይ ሆነህ ብታየው እንኳ የተቆረጠው አፈርና አጥሩ ይጋርዱታል። የልጆቹ ትዝታ ልክ ነው፤ ጦሳን ያዩት የነበረው ግን ከጓሮ ነው፣ ከሳሎን አይደለም። ሃያ ዓመት ሲያልፍ ጓሮና ሳሎን በልብ ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቀጥዬ ግን ደስ የሚል ነገር ነገርኳት። በሩ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የእናትየው የጠዋት ፀሐይ እዚያው ፊት ለፊት ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ለሙያው ልጆች አንድ ነገር ልበል። ሶፍትዌራችሁ ስትከፍቱት የሚሰጣችሁ ፀሐይ የደሴ ፀሐይ አይደለም። ከኢንተርኔት የምታወርዱት የሰማይ ምስልም የሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ ፀሐዩ ዝቅ ያለ፣ ጥላው ረጅም የሆነ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። ቨርጂኒያ 38 አካባቢ ነው፤ እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነው። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ደንበኛው ውጭ የለመደውን ይዞ «ፀሐይ በደቡብ ነው» ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል። ቦታውንና ሰሜኑን በትክክል አስገቡ፣ ቀኑን ምረጡ፣ ከዚያ ጥላው ራሱ ይመልስለታል።

እኔ የመረጥኩት ታኅሣሥ አጋማሽን ነው፣ ብርዱ የሚቆነጥጥበትን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ትዘልቃለች። ሰዓቱን ወደፊት ስገፋው ብርሃኑ ወደ መስኮቱ እየሸሸ ይሄዳል፣ ቀትር ላይ ጨርሶ ይወጣል። ስለዚህ የእናትየው መቀመጫ ከመስኮቱ ሥር መሆን አለበት። ልጆቹ ሶፋ አስበዋል። ደብዳቤው ግን «መደቧ ላይ ተቀምጣ» ነው የሚለው። በሦስተኛው ቀለም ካሰመርኩት ውስጥ አንዱ ይህ ነበር። ምስሉ ላይ ከመስኮቱ ሥር 45 ሴንቲ ከፍታ ያለው መደብ ሠርቼ ምንጣፍና ትራስ አስቀመጥኩበት። ሶፋውንም አልሰረዝኩትም፤ ከማዶ አለ።

የቀረው ሳሎኑ ነው። 4 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ተኩል ነው፣ ወደ 25 ካሬ። መጥፎ አይደለም። አዳራሽ ግን አይደለም። እኔ ከፈለግሁ አዳራሽ አደርገዋለሁ። ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ መርጬ፣ ካሜራውን ግድግዳውን አልፌ ከቤቱ ውጭ አውጥቼ፣ ግድግዳውን ከምስሉ እደብቀዋለሁ። ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው ከማይችልበት ቦታ የታየ ሳሎን ይሆናል። የቤት ማስታወቂያዎች ላይ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ ሳሎኖች እንደዚህ ናቸው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ምስሉ ዳር ላይ ያለውን ሶፋ እዩት። ሶፋው አልጋ ያህል ከተለጠጠ፣ ክቡ ጠረጴዛ እንቁላል ከመሰለ፣ ክፍሉም ተለጥጧል። በሩንም እዩ፤ በር ያው 90 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ እሱን መለኪያ አድርጋችሁ ቁጠሩ።

ለእነሱ ካሜራውን ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ በሚያይበት ከፍታ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁለት ምስል ሠራሁ። በአንዱ ልጆቹ የመረጡት ኤል ሼፕ ሶፋና የመስታወት ጠረጴዛ ገብቷል፤ ስምንት ሰው ይቀመጣል፣ መሐሉ ሞልቷል፣ የቡና ረከቦት ማስቀመጫ የለም። በሌላው ግድግዳውን ተከትሎ መደብ መሰል አግዳሚ ወንበር ዞሯል፤ ወደ 20 ሰው ይቀመጣል፣ መሐሉ ለቡናው ክፍት ነው። «የትኛው ይሻላል» አላልኩም። ደብዳቤያቸው ላይ «ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ» ያሉትን ቀድቼ ከሥር ጻፍኩላቸው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ላክሁ። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። ደንበኛ ሲጠፋ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ አይደል? በሦስተኛው ቀን ታላቋ እህት ደወለች። ምስሎቹን ለወንድሟና ለእህቷ አሳይታ ተከራክረዋል። ወንድምየው «ደረጃው ያምራል፣ ለእማዬ የምትረዳት ልጅ እንቀጥራለን» ብሏል። ትንሿ ደግሞ አልቅሳለች። በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ ስልኩን ይዞ ለእናትየው እንዲያሳያቸው ተስማሙ።

እናትየው የማታውን ምስል አይተው መርቀዋል። የበሩን ምስል ሲያዩ ግን መነጽራቸውን አስመጥተው ደረጃውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ «ይሄ ደረጃ ለእኔ ነው ወይስ ለእንግዳ?» አሉ። ለቅሶ ቤት መሄድ፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ገበያ መውጣት፣ ሁሉም በዚያ ደረጃ ነው። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ክርክሩን ተወው።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም፣ ፕላን አልቀይርም። ልኬቱንና ምስሎቹን ይዘው ደሴ ላለ አርክቴክት ሰጡት፤ እሱም ሰርቬየር ይዞ ቦታው ድረስ ሄደ። ያመጣው መፍትሔ ቤቱን እንደ ዳገቱ ለሁለት መክፈል ነው። የፊተኛው ግማሽ፣ ማለትም ሳሎኑ፣ የእናትየው መኝታና መታጠቢያው፣ ከመንገዱ 64 ሴንቲ ብቻ ከፍ ይላል። አራት ደረጃ ነው፤ ከጎኑም ስምንት ሜትር የማይሞላ፣ አንዴ የሚታጠፍ ተዳፋት መንገድ ይገባል፤ ወደፊት ምርኩዝ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣ። የኋለኛው ግማሽ፣ ወጥ ቤቱና የእንግዳ ክፍሎቹ፣ ከዚያ አሥር ደረጃ ከፍ ብሎ ጓሮውን ይይዛል። የላዩ ፎቅ ወደ ጓሮ በኩል በረንዳ አለው። ጦሳ ከዚያ ይታያል፣ እውነተኛው፣ ያልተለጠፈው።

በነፃ አልመጣም። ለፊተኛው ክፍል መሬቱ ከ1 ሜትር ከ30 በላይ የሚቆፈርበት ቦታ አለ፤ በሁለቱ ወለሎች መካከል ደግሞ አፈር የሚይዝ ግንብ ያስፈልጋል። ከግንቡ ጀርባ ጠጠርና ውሃ የሚያወጣ ቱቦ ካልገባ፣ የደሴ ክረምት ውሃ አፈሩን አርሶ ግንቡን ይገፋዋል፣ ሳሎኑም እርጥበት ያላብሳል። ይህን ምንም ምስል አያሳይም። እኔ የምሠራው ግድግዳ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ስለዚህ ኢንጂነሩን ጠይቁ አልኳቸው፤ ጠየቁ፤ የላዩ ፎቅ ሁለት መኝታ ለጊዜው ቀርቶ ገንዘቡ ለግንቡና ለቁፋሮው ዋለ።

አሁን የምስሉን ሥራ እንደገና እየሠራሁ ነው፣ በአዲሱ ፕላን። የማታውንም ጨምሮ፤ እሱን አሁንም አስጠርዘው ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ፣ ይሰቀል።

ውጭ ሆናችሁ አገር ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ደብዳቤ ጻፉ። ቤቱ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ማን እንደሚኖርበት ጻፉ። ማን ጠዋት የት ይቀመጣል፣ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ውሃ በክረምት ከየት ወደ የት ይፈሳል፣ በልጅነታችሁ ኳሱ ወደ የት ይንከባለል ነበር። ለሚሠራላችሁም ሰው ከላይ ከሚታየው ጋር አንድ ምስል ጨምር በሉት፦ ከበሩ ቆሞ፣ በቀን፣ ቤቱ ውስጥ በሚኖረው ሰው የዓይን ከፍታ። ያንን ምስል አሳምሮ ማምጣት ካልቻለ ችግሩ ካሜራው አይደለም፣ ቤቱ ነው።

የውሃ ጎማውን አለካክ ዘርዝሬ እንድጽፍ የምትፈልጉ ከታች ንገሩኝ።